የስኳር በሽታ መዘዞች ካርታ ምንድን ነው?

ጽንሰ ሐሳባዊ ካርታ ሐሳቦችን በየሣጥናቸው ጽፎ በቀስት የማያያዝ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዳበሩት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ጆሴፍ ኖቫክና ባልደረቦቹ ናቸው። ካርታውን ካርታ የሚያሰኘው ግን በቀስቱ ላይ የሚጻፈው ግስ ነው። «ስኳር» እና «ኩላሊት» በባዶ መስመር ቢያያዙ ምንም አልተባለም። «ያፈሳል»፣ «ያጠባል»፣ «ይደብቃል» የሚል ግስ ሲገባ ግን እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችል ዓረፍተ ነገር ይወጣል።

ደሴ ላይ ነርሲንግ የምትማር አንዲት ልጅ ደብተሯ ውስጥ እዚህም እዚያም እንዲህ ጽፋለች እንበል፦ የእግር መደንዘዝ፣ ሽንት ውስጥ አልቡሚን፣ ስትሮክ፣ የሬቲና መድማት፣ የልብ ድካም፣ በረመዳን ስኳር መውረድ፣ ሲራመዱ የሚያም ሲያርፉ የሚተው ባት፣ የማይድን የእግር ቁስል።

እነዚህን ወደ ካርታ ስታመጣ መጀመሪያ ከዝርዝሩ የሚወጣው የስኳር መውረድ ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለሚጾም ማስታወሻው ትልቅ ቦታ አለው፤ ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ የሚመጣ ድንገተኛ ችግር እንጂ በዓመታት የደም ሥር ጉዳት የሚፈጠር አይደለም። የራሱ ገጽ ይሰጠው።

ለቀሩት ጥያቄው አንድ ነው፦ የተጎዳው የትኛው የደም ሥር ነው? ዓይን፣ ኩላሊትና ነርቭ ወደ ጥቃቅኖቹ ይሄዳሉ። በእነዚህ ቦታዎች ያሉ ሴሎች የሚገባባቸውን ስኳር መገደብ አይችሉም፤ ደም ውስጥ ሲበዛ እነሱም ውስጥ ይበዛል። ውሎ አድሮ የጥቃቅኖቹ ሥሮች ግድግዳ ይወፍራል፣ ያፈሳልም። ሬቲና ላይ ደም፣ ሽንት ውስጥ አልቡሚን የሚታየው ለዚህ ነው። ወደ ነርቭ ግን ሁለት ቀስት ይሳላል። አንዱ ነርቭን ከሚመግቡት ጥቃቅን ሥሮች ይነሣል፤ ሌላው ከራሱ ከስኳሩ፣ ምክንያቱም ስኳር ነርቭን በቀጥታም ይጎዳል።

ልብ፣ አንጎልና እግር የትላልቆቹ ደም ቅዳዎች ጉዳይ ናቸው። እዚህ ቅርንጫፍ ላይ ስኳርን ብቻውን ምንጭ አድርጎ መሳል ስሕተት ነው፤ የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ትምባሆ የየራሳቸው ቀስት ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ የሆነው ትልቁ የእንግሊዝ የስኳር በሽታ ጥናት ይህን አሳይቷል፦ ስኳራቸውን ይበልጥ በተቆጣጠሩት ሰዎች ላይ የጥቃቅን ሥሮች ጉዳት በ25 በመቶ ሲቀንስ፣ የልብ ሕመሙ ቅናሽ ግን በጥናቱ ዘመን በእርግጠኝነት ሊባል የሚችል ደረጃ አልደረሰም።

አሁን የእግር ቁስሉ ቀረ፤ እኔ ካርታ መሳል ያስፈልጋል የምለውም በእሱ ምክንያት ነው፣ ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሊይዘው አይችልምና። የወረኢሉ ደጋ ገበሬ አንድ ብርዳም ማታ እግሩን ወደ ምድጃው ዘርግቶ ይቀመጣል። ነርቩ ስለሞተ እሳቱ ሲያቃጥለው አይሰማውም፤ በማግስቱ የፕላስቲክ ጫማውን አጥልቆ እርሻ ይውላል። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የጥቃቅኖቹ ነው፤ ቀስቱም «የነርቭ ጉዳት ቃጠሎን እንዳይሰማ ያደርጋል» ይላል። ቁስሉ ሳምንታት አልፈውት አልጠግግ ሲል ግን ወደ እግር የሚወርደው ደም ቅዳ ጠቦ እንደሆነ መጠርጠር ያስፈልጋል፤ «የጠበበ ደም ቅዳ መዳንን ያዘገያል» የሚለው ቀስት ከሌላው ቅርንጫፍ ተነሥቶ እዚሁ ሣጥን ላይ ያርፋል።

ቁስሉን በአንደኛው ቅርንጫፍ ሥር ብቻ ያስቀመጠች ተማሪ ሞኖፊላመንት በሚባለው፣ በ10 ግራም ኃይል እግር ላይ በሚጫን ቀጭን ክር ስሜቱን ትፈትሽና የእግሩን የደም ምት ሳትዳስስ ትሄዳለች። ከሁሉም የሚረሳው ሦስተኛው ቀስት ነው፦ «የነርቭ ጉዳት የባት ሕመምን ይደብቃል»። ሲራመዱ ባት የሚያመው ደም ቅዳው ስለጠበበ ነው፤ የሞተ ነርቭ ግን ሕመሙን አያሰማም። ስለዚህ ሰውየው «ስሄድ አያመኝም» ማለቱ ደም ቅዳው ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የቁርጭምጭሚትና የክንድ ግፊት ንጽጽርም ሊያታልል ይችላል። የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ለክንዱ ግፊት ተካፍሎ ከ0.9 በታች ሲሆን መጥበብን ያመለክታል፤ ነገር ግን በስኳር ሕመምተኛ የደም ቅዳው ግድግዳ በካልሲየም ሲደርቅ በመለኪያው አይጨመቅም፣ ቁጥሩም ደኅና ይመስላል ወይም ከ1.4 በላይ ይሆናል። ያኔ የእግር አውራ ጣትን ግፊት መለካት ይሻላል።

ሌላ ተሻጋሪ ቀስት ከኩላሊት ይነሣል። የተጎዳ ኩላሊት የደም ግፊትን ያስነሣል፣ ግፊቱም ትላልቆቹን ደም ቅዳዎች ይጎዳል። ይሁንና ግፊት ራሱ ኩላሊቱን መልሶ ስለሚጎዳ፣ በሁለቱ መካከል አንድ ሳይሆን ወዲህና ወዲያ የሚያመለክቱ ሁለት ቀስቶች ይሳሉ።