በሙቀትና በነፋስ የሚሠራ የተፈጥሮ አየር ዝውውር ምንድን ነው?

በገጠር ማድ ቤት ውስጥ እሳት ሲነድ ጭሱ ሽቅብ ወጥቶ በግድግዳውና በክዳኑ መካከል ባለው ክፍተት ይወጣል፤ በወጣው አየር ልክም ቀዝቃዛ አየር በበሩ በኩል ይገባል። ጭሱ መንገዱን ስላሳየን ልብ እንለዋለን እንጂ ጭስ በሌለበትም ቤት የሞቀ አየር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሞተርና ማራገቢያ ሳይኖር፣ በሙቀት ልዩነትና በነፋስ ግፊት ብቻ የቤቱ አየር እንዲለወጥ ተብሎ የሚሠራ የሕንፃ ንድፍ የተፈጥሮ አየር ዝውውር ይባላል። በቆላ አገር ለሚሠራ ትምህርት ቤት ጉዳዩ ዋና ጥያቄ የሚሆነው አንድ ክፍል ሃምሳ ልጆች ስለሚይዝና እያንዳንዱ ልጅም ራሱ እንደ ትንሽ ምድጃ ሙቀት ስለሚሰጥ ነው።

የመጀመሪያው ኃይል የጭስ ማውጫው ኃይል ነው። የሞቀ አየር ከቀዝቃዛው ስለሚቀል ከፍ ባለው ክፍተት ይወጣል፣ ዝቅ ባለው ክፍተት ደግሞ የውጭው አየር ይተካዋል። የፍሰቱን መጠን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የክፍተቶቹ ስፋት፣ በታችኛውና በላይኛው ክፍተት መካከል ያለው ከፍታ፣ እንዲሁም የውስጡና የውጭው ሙቀት ልዩነት። ከሦስቱ ብዙ የሚከፍለው ስፋቱ ነው፤ ክፍተቶቹ በእጥፍ ቢሰፉ ፍሰቱም በእጥፍ ያድጋል፣ ከፍታው ግን አራት እጥፍ ቢሆን እንኳ ፍሰቱ የሚያድገው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ውድ ማማ ከመገንባት በፊት ሰፊ ክፍተት መክፈት ይሻላል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ኃይል ነፋስ ነው። ነፋስ የሚመታው ግድግዳ ላይ ግፊት ይጨምራል፣ ከጀርባው ባለው ግድግዳና በጣሪያው ጫፍ ላይ ደግሞ ይቀንሳል፤ አየሩም ከበዛበት ወደ አነሰበት ክፍሉን አቋርጦ ያልፋል። ይህ የሚሆነው ግን መግቢያና መውጫ በተለያዩ ጎኖች ሲኖሩ ነው። መስኮት በአንድ ጎን ብቻ ያለው ክፍል ነፋስ ደጁ ላይ እያለፈ እንኳ ሊታፈን ይችላል።

ሁለቱን ኃይሎች አብሮ ለማየት በቡርኪና ፋሶ የጋንዶ መንደር ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥሩ ምሳሌ ነው። የመንደሩ ተወላጅ የሆነው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ የነደፈው ይህ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቆ በ2004 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አግኝቷል። ሦስቱ ክፍሎች በአንድ መስመር ተሰልፈው በመካከላቸው ጥላ ያለው ክፍት ቦታ ተትቷል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል በተቃራኒ ጎኖቹ መስኮት ሊኖረው ችሏል። ኮርኒሱ ከተጠቀጠቀ የአፈር ጡብ የተሠራ ሲሆን በጡቦቹ መካከል አየር የሚያሳልፉ ክፍተቶች አሉት። ቆርቆሮው ግን ኮርኒሱ ላይ አልተኛም፤ ከፌሮ ብረት በተበየደ፣ ካፕሪያታ በሚባል የጣሪያ ተሸካሚ ላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው ይግላል፣ ሙቀቱንም ከሥሩ ወዳለው ሰው ይለቃል፤ የብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ችግር ይኸው ነው። በጋንዶ ግን ግለቱ የሚያርፈው ከኮርኒሱ በላይ ባለው አየር ላይ ነው። ያ አየር ሞቆ ሲወጣ ከክፍሉ በኮርኒሱ ቀዳዳ በኩል ተተኪ ይስባል፣ ነፋስ ሲኖርም ከየትም አቅጣጫ ቢመጣ ክፍተቱን አቋርጦ የሞቀውን አየር ጠርጎ ይወስደዋል። ሙቀት አምጪ የነበረው ቆርቆሮ አየር ሳቢ ሆነ ማለት ነው።

ምን ያህል ክፍተት እንደሚያስፈልግ በቁጥር ለማየት በድሬዳዋ ሊሠራ የታሰበ አንድ ክፍል እንውሰድ። ስፋቱ 7 በ9 ሜትር ነው፣ ሃምሳ ተማሪ ይይዛል፣ አንድ ልጅ ደግሞ ወደ 70 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ለአየሩ ይሰጣል እንበል፤ በጠቅላላው 3500 ዋት ይሆናል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ስለሆነች አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ አንድ ኪሎ ይመዝናል፣ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅም 1000 ጁል ያህል ይፈልጋል። ክፍሉ ከውጭው ከ3 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ከተፈለገ በሴኮንድ ወደ 1.2 ሜትር ኩብ አየር መለወጥ አለበት። በታችኛውና በላይኛው ክፍተት መካከል 2.5 ሜትር ከፍታ ካለ፣ በጭስ ማውጫው ኃይል ብቻ ይህን ለማድረግ ታች 4 ካሬ ሜትር፣ ላይም 4 ካሬ ሜትር ገደማ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ሂሳቡ የጣሪያውን ሙቀት አልቆጠረም፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በቀትር የሚያወርደው ሙቀት ከተማሪዎቹ ሙቀት ሊበልጥ ይችላል። በእነዚሁ ክፍተቶች በሴኮንድ 2 ሜትር የሚነፍስ ቀላል ነፋስ ቢገባ ግን ፍሰቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በሞቃት አገር ውስጥና ውጭ የሚለያዩት በጥቂት ዲግሪ ስለሆነ ብዙውን ሥራ የሚሠራው ነፋስ ነው፤ የጭስ ማውጫው ኃይል የሚያስፈልገው ነፋሱ ጸጥ ላለበት ሰዓት ነው። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ሲገፉ የሚደመረው ግፊታቸው እንጂ የአየሩ መጠን አይደለምና ውጤቱን ደምሮ ማሰብ ስህተት ነው።

ንድፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በሥዕሉ ላይ ሳይሆን ከርክክብ በኋላ ነው። የላይኛው ክፍተት ርግብና ዝናብ አስገባ ተብሎ በላስቲክ ይደፈናል፤ የታችኛው መስኮት ልጆቹ ውጭ ውጭ ያያሉ ተብሎ ይዘጋል፤ ደቃቅ የትንኝ መረብ ሲለጠፍ ደግሞ ፍሰቱ እስከ ግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል የሚያስበው ጥቂት ነው። መረብ የግድ ከሆነ ክፍተቱን ከመጀመሪያው ማስፋት ይገባል። ሌላው ስህተት የላይኛውን ክፍተት ነፋስ በሚመጣበት ጎን ብቻ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ነፋሱ ሊወጣ የነበረውን የሞቀ አየር ወደ ተማሪዎቹ ራስ መልሶ ይገፋዋል።

መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ዕጣን ይበቃል። ክፍሉ በተማሪ ተሞልቶ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ የሚጨስ ዕጣን በታችኛው መስኮት ላይ ይያዝ፤ ጭሱ ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። በላይኛው ክፍተት ሲያዝ ደግሞ ወደ ውጭ መሄድ አለበት። ታች ቆሞ የሚንሳፈፍ ከሆነ ላይ የተደፈነ ነገር አለ ማለት ነው። ነፋስ ሲነሳ ሙከራው ይደገም፤ ጭሱ ከላይ ወደ ውስጥ ከገባ ሁለቱ ኃይሎች እየተጣሉ ነው። ወፍራም ግድግዳ ባለው ክፍል ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ጠዋት ላይ ቢሞከር ፍሰቱ ተገልብጦ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ግን ብልሽት አይደለም፣ የውስጡ አየር ከውጭው ስለቀዘቀዘ በታች በኩል እየፈሰሰ ነው።

ይህ ዘዴ ክፍሉን በዚያው ሰዓት ከሚገባው የውጭ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም፤ የሚያደርገው የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭው ማቅረብና በሰውነት ላይ የሚያልፍ አየር ላብን እንዲያደርቅ መርዳት ነው። የውጭው ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ አየሩ ከቆዳችን ስለሚበልጥ ሰፊ መስኮት መክፈቱ ራሱ ሙቀት ያስገባል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሌሊት የላይና የታች ክፍተቶችን ከፍቶ የሸክላውን ወይም የድንጋዩን ግድግዳ ማቀዝቀዝ፣ በቀትር ደግሞ ለመተንፈሻ የሚበቃውን ያህል ብቻ መተው ይገባል፤ ለዚህም ማታ ከፍቶ ጠዋት የሚያጠብብ ዘበኛና ሌባ የማያስገባ የብረት ፍርግርግ በበጀቱ ውስጥ መቆጠር አለባቸው።