የአማርኛ ቶክን አከፋፈልና በቋንቋ ሞዴሎች ምዘና ላይ የሚያመጣው መዛባት

የቋንቋ ሞዴል ጽሑፍን እንደ ሰው ቃል በቃል አያነብም። ጽሑፉ መጀመሪያ ቶክናይዘር በሚባል ፕሮግራም ይቆራረጣል፤ ቶክን የሚባለው እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ይሰጠውና ሞዴሉ የሚያየው ቁጥሮቹን ብቻ ይሆናል። የትኛው ቁራጭ በቶክኖቹ መዝገብ ውስጥ እንደሚገባ የሚወስነው ድግግሞሽ ነው። በብዛት የሚሠራበት ቢፒኢ የተባለው ስልት እ.ኤ.አ. በ1994 ፋይል ለማመቅ የወጣ ሲሆን፣ ለማሽን ትርጉም መዋል የጀመረው በ2016 ገደማ ነው። ጎን ለጎን አብዝተው የሚገኙ ሁለት ምልክቶችን አጣብቆ አንድ ያደርጋል፤ መዝገቡ እስኪሞላም ይህንኑ ይደጋግማል። የማሠልጠኛው ጽሑፍ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ከሆነ መዝገቡን የሚሞሉት የእንግሊዝኛ ቁራጮች ናቸው፤ አማርኛ የሚቀረው ትርፍራፊው ነው።

ችግሩ ከባይት ይጀምራል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ከ2019ኙ ጂፒቲ-2 ጀምሮ ብዙ ሞዴሎች ቢፒኢን የሚያስኬዱት በባይት ላይ ስለሆነ፣ መዝገቡ ውስጥ ያልገባ ፊደል ወደ ባይቶቹ ይሰነጠቃል። «አልሰበርናቸውም» ዘጠኝ ፊደል ነው፤ ከፋ ካለ 27 ቶክን ይሆናል። የ«ቤት» እና የ«ቤቱ» ባይቶች እነሆ፦

```python
>>> "ቤት".encode("utf-8").hex(" ")
'e1 89 a4 e1 89 b5'
>>> "ቤቱ".encode("utf-8").hex(" ")
'e1 89 a4 e1 89 b1'
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች፣ e1 እና 89፣ ተደጋግመው ስለሚመጡ ቢፒኢ አስቀድሞ የሚያጣብቃቸው እነሱን ነው። ከዚያ የሚገኘው ቶክን ግን ግማሽ ፊደል ነው። ይህ ጥንድ የቀ፣ የበ፣ የቨ፣ የተ እና የቸ ቤተሰቦችን በጋራ ያቅፋል። ጥንዱ እነዚህን ቤተሰቦች የሚያገናኛቸው በድምፅ ወይም በትርጉም ስለሚዛመዱ ሳይሆን በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ላይ ጎረቤት ስለሆኑ ነው።

ፊደሉ ሳይሰነጠቅ ቢያዝ እንኳ ሁለተኛ ችግር ይቀራል። የአማርኛ ምዕላድ ድንበሩ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በፊደሉ ሆድ ውስጥ ነው። «ቤት» ሳድስ ት ላይ ያበቃል፤ «ቤቱ» ላይ ካዕብ፣ «ቤታችን» ላይ ራብዕ፣ «ቤቴ» ላይ ኃምስ ይሆናል። ለኮምፒዩተሩ ት፣ ቱ፣ ታ እና ቴ አራት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ ስለዚህ ባለቤትነትን የሚያሳየውን አናባቢ ከስሙ ለይቶ መቁረጥ አይቻልም። በግስ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ተሰባበረ የሚጋሩት ስ-ብ-ር የሚለውን ሥር ቢሆንም፣ ሥሩ በአናባቢዎች መካከል ተበታትኖ ስለሚቀመጥ ተከታታይ ፊደሎችን ብቻ የሚያጣብቅ ስልት አያገኘውም።

መዛባቱ መጀመሪያ የሚታየው ፐርፕሌክሲቲ ላይ ነው። መለኪያው ሞዴሉ በአንድ ቶክን በአማካይ ምን ያህል እንደሚደናገር ያሳያል፤ ቶክኑ በየሞዴሉ ከተለያየ ግን ሁለት ቁጥሮችን ማወዳደር በክንድ የተለካን ጨርቅ በሜትር ከተለካ ጋር እንደማወዳደር ነው። ለስሌት ያህል 1000 ፊደል ያለው አንድ ጽሑፍ እንውሰድ። ሞዴል ሀ 2500 ቶክን አድርጎ ይቆርጠዋል እንበል፤ አማካይ ስሕተቱ በቶክን 0.8 ናት ነው፤ «ናት» በተፈጥሮ ሎጋሪዝም የሚሰላ የስሕተት መለኪያ ነው። ሞዴል ለ 600 ቶክን ያደርገዋል፤ አማካይ ስሕተቱ 3.0 ናት ነው። ፐርፕሌክሲቲያቸው 2.2 እና 20.1 ይወጣል፤ ሀ እጅግ የበለጠ ይመስላል። ጠቅላላውን ስናሰላ ግን ሀ 2000 ናት፣ ለ 1800 ናት ሆነው ይገኛሉ። የሚሻለው ለ ነው።

የሀ ቁጥር ያነሰበት ምክንያት ከባይቱ የመጣ ነው። የአማርኛ ፊደል ሁልጊዜ በe1 ይጀምራል፤ በዋናው የግዕዝ ፊደል ሰንጠረዥ ሁለተኛው ባይት ከ88 እስከ 8d ካሉት ስድስቱ አንዱ ነው። ሞዴሉ አማርኛ ባያውቅም እነዚህን በቀላሉ ይገምታል፤ ነጻ ነጥቦቹም አማካዩን ያወርዱታል። መድኃኒቱ በናት የተሰላውን ጠቅላላ ስሕተት ወደ ቢት ለውጦ በቶክን ሳይሆን በፊደል ቁጥር ማካፈል ነው፦

```python
bits_per_char = total_nll / (math.log(2) * len(text))
```

በዚህ ሀ 2.89፣ ለ 2.60 ቢት በፊደል ያገኛሉ። ይህ ቁጥር አማርኛን ከአማርኛ ለማወዳደር ይበቃል። ከእንግሊዝኛ ጋር ማወዳደሪያ ግን አይሆንም፤ አንዱ የአማርኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ላይ ይይዛልና። በባይት ማካፈልም ይህን አይፈታውም፤ የአማርኛው አካፋይ በሦስት ስለሚባዛ ቁጥሩ ያለአግባብ ያንሳል።

ይኸው ነጻ ነጥብ የምርጫ ጥያቄዎችንም ያዛባል። ሞዴሉ የሚመርጠው በጠቅላላ እድል ከሆነ ብዙ ቶክን ያለው አማራጭ ይጎዳል፤ እድሉ በቶክን ቁጥር ከተካፈለ ደግሞ ወደ ባይት የተሰነጠቀው አማራጭ ያለአግባብ ይጠቀማል። እዚህም ማካፈል የሚሻለው በፊደል ነው።

ትርጉም ሲመዘን ሌላ ገጽታ አለ። ማመሳከሪያው «ልጆቹ ትናንት ከትምህርት ቤቱ መጡ» ሆኖ ሞዴሉ «ልጆቹ ትናንት ከትምህርት ቤት መጡ» ቢል ስሕተቱ አንድ አናባቢ ነው። ብሉ የተባለው የትርጉም መለኪያ ግን የሚቆጥረው ሙሉ ቃል ነው። ከአምስት ነጠላ ቃል አራቱ፣ ከአራት ጥንድ ሁለቱ፣ ከሦስት ባለሦስት ቃል ሐረግ አንዱ ይገጥማል፤ ከሁለቱ ባለአራት ቃል ሐረጎች አንዱም አይገጥምም። ብሉ እነዚህን አራት ውጤቶች አባዝቶ ስለሚያማክል የመጨረሻው ዜሮ ሁሉንም ይጎትታል። በፊደል ሐረጎች የሚሠራው chrF የተባለው መለኪያ ለአማርኛ የሚሻለው ለዚህ ነው።

አራት ነጥብም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ብሉን የሚያሰላው ሳክረብሉ የተባለው ፕሮግራም ሌላ ካልተነገረው ከቃል የሚለየው የእንግሊዝኛ ሥርዓተ ነጥቦችን ብቻ ነው። ስለዚህ «መጡ።» እና ክፍተት የገባበት «መጡ ።» እንደማይመሳሰሉ ይቆጠራሉ፤ እንዲህ በክፍተት የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ነው። ትእዛዙ እንዲህ ቢሰጥ ይስተካከላል፦

```
sacrebleu ref.txt -i out.txt -m bleu chrf --tokenize intl
```

ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ እና ጸሀይ ለአንባቢ አንድ ቃል ናቸው፤ ለቶክናይዘሩም ለመዛኙም ግን አራት። ከምዘና በፊት ሞክሼ ፊደላትን በማመሳከሪያውም በሞዴሉ ውጤትም ላይ አንድ ማድረግ ተገቢ ነው፤ በአንዱ ብቻ ከተደረገ ጉዳቱ ይብሳል። ዋጋም አለው፤ በጥንቃቄ የተጻፉት ሰረቀ እና ሠረቀ ልዩነታቸውን ያጣሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ውጤት፣ ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን፣ ማሳወቅ ይመረጣል።

ከዝቅተኛ ውጤቶች መካከል የሞዴሉ ስሕተት ያልሆኑም አሉ። ለእንግሊዝኛ የተቀመጠ የ256 ቶክን ገደብ የአማርኛውን መልስ መሐል ላይ ሊቆርጠው ይችላል፤ ምልክቱ አራት ነጥብ ሳይደርስ ማለቁ ወይም መጨረሻው ላይ � መታየቱ ነው። ሌላው ኤምበርት የተባለው የ2018 ሞዴል ነው። በ104 ቋንቋዎች ሲሠለጥን አማርኛ አልነበረበትም፤ ፊደሉም በመዝገቡ ስለሌለ ቃሉ በሙሉ [UNK] የሚባለው «ያልታወቀ» ምልክት ይሆናል። እንዲህም ሆኖ በምደባ ፈተና ላይ የብዙኃኑን ምድብ በመገመት ብቻ ደህና የሚመስል ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ውጤቱን ከማመን በፊት [UNK]ን መቁጠር ያስፈልጋል።

ፊደሉን ወደ ተነባቢና አናባቢ ፈትቶ ቶክናይዘሩን በዚያ ላይ ማሠልጠን «ቤት» እና «ኡ»ን ለመለየት ያስችላል፤ በአንጻሩ ጽሑፉ ይረዝማል፣ ወደ ፊደል መመለሻውም እንከን የለሽ መሆን አለበት። እንደ ሆርንሞርፎ ያለ የምዕላድ ተንታኝ ቃሉን በሰዋስው ይቆርጣል። እሱንም የሚያስቸግረው ጥብቀት በጽሑፍ አለመታየቱ ነው፤ «ይመታል» መምታትም መመታትም ሊሆን ስለሚችል ተንታኙ ሁለቱንም ያቀርባል፣ አንዱን መምረጥም ለዐረፍተ ነገሩ አውድ ይቀራል።