የትሪያጅ ቻርት ላይ የምንጽፋቸው ቃላት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሐሳቡ ይግባ እንጂ አጻጻፉ ምን ለውጥ አለው?»

ይህን በሰማሁ ቁጥር ከመሳቢያዬ አንድ የተጨማደደ ወረቀት አወጣለሁ። ጎንደር ውስጥ ከሠራሁባቸው ድንገተኛ ክፍሎች በአንዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የነበረ የትሪያጅ ቻርት ነው፤ ጉዳተኛ ሲበዛ ማን ቀድሞ ይታከም የሚለውን በቀለም የሚለይ። አንዱ ሳጥን «አይተነፍስም?» ይላል። ከሥሩ ሁለት ቀስት አለ፤ «አዎ» የሚለው አየር መንገዱን ወደ መክፈት፣ «አይ» የሚለው ትንፋሽ ወደ መቁጠር ይወስዳል።

በልምምድ ቀን የማይተነፍስ አሻንጉሊት አስተኝተን ሁለት ነርሶችን ጠየቅን። አንዷ «አዎ፣ አይተነፍስም» ብላ ትክክለኛውን ቀስት ያዘች። ሁለተኛው «አይ፣ አይተነፍስም» አለና የ«አይ»ን ቀስት ተከትሎ ትንፋሽ ሊቆጥር ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ በአማርኛ ሁለቱም መልስ ያስኬዳል። ጥፋቱ ጥያቄው ራሱ በ«አይ» መጀመሩ ላይ ነው። እኛ አሁን «ይተነፍሳል?» ብለን እንጽፋለን፤ ቀስቶቹም ላይ «አዎ» እና «አይ» የለም፣ «ይተነፍሳል» እና «አይተነፍስም» ተብለው ሙሉውን ተጽፈዋል።

የዚያው ወረቀት ሌላ ሳጥን «ከባድ የመተንፈስ ችግር አለው?» ይላል። ከባድ ማለት ስንት ነው? ለአሥር ዓመት ነርስ አንድ ነገር ነው፣ ትናንት ለተመደበ ልጅ ሌላ። በ1983 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የተዘጋጀው «ስታርት» የሚባለው ዘዴ ለአዋቂ በደቂቃ ከ30 በላይ ትንፋሽን ቀይ፣ ማለትም ቅድሚያ የሚታከም፣ ይለዋል። ግን አሥራ አራት ሰው በአንድ ጊዜ በባጃጅና በፒክአፕ ሲራገፍ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆሞ የሚቆጥር የለም፤ በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛትም ሲዋከቡ ያሳስታል። ስለዚህ ሒሳቡን ቀድመን ሠርተን «በ15 ሰከንድ 8 ወይም ከዚያ በላይ ተነፈሰ? ቀይ» ብለን ጻፍን። ነርሷ እስከ ስምንት መቁጠር ብቻ ይበቃታል። ይህ ግን የአዋቂ ነው። የሕፃን ትንፋሽ በተፈጥሮው ፈጣን ስለሆነ የልጆቹ ቻርት ለብቻው ይሁን።

«የሚጮኸው ይቅደም»

የሚጮህ ሰው ቢያንስ አየር እየገባለት ነው። መጀመሪያ ጥጉ ላይ ዝም ያለውን እዩልኝ።

«ራሱን ያውቃል ወይ ብሎ መጠየቅ በቂ ነው»

ማንን ነው የምትጠይቁት? አስታማሚው «አዎ፣ አሁን እንኳ ስሜን ጠራኝ» ይላችኋል። ቻርት የተረጎመ አንድ ሰው ደግሞ «ትእዛዝ ያከብራል?» ብሎ ጽፎት አይቻለሁ፣ ወታደር ይመስል። የሚፈለገው ቀላል ነገር ነው፤ ነርሷ የምትናገረው ቃል እንዳለ ቻርቱ ላይ ይጻፍላት፦ «እጄን ይጨብጡኝ። አሁን ይልቀቁኝ።» መልቀቁ የግድ ነው፤ ራሱን የሳተ ሰውም መዳፉ ሲነካ እንዲሁ ሊጨብጥ ይችላል። ከመተማ በኩል መጥቶ አማርኛ የማይሰማ ከሆነ በእጅ አሳዩት። ቋንቋ ስላልገባው ብቻ እጅ ሳይጨብጥ ቀርቶ ቀይ የተባለ ሰው ገጥሞኛል።

«ጥቁር ማለት የሞተ ማለት ነው»

አየር መንገዱ ተከፍቶለትም ያልተነፈሰ አዋቂ ማለት ነው። «ሞቷል?» ብላችሁ ከጻፋችሁ ነርሷ ሞት ልታረጋግጥ ስትቆም ሁለት ቀይ ያልፋታል። «ጭንቅላቱን አስተካክለሽ አየር መንገዱን ከፈትሽ፤ አሁን ይተነፍሳል?» ተብሎ ይጻፍ። ከተነፈሰ ቀይ፣ ካልተነፈሰ ጥቁር።

«አረንጓዴ ደህና ነው፣ ይጠብቅ»

«የሚራመድ ሁሉ ወደ አግዳሚው» ማለት መጨናነቁን ለማቅለል እንጂ ምርመራ አይደለም። ከአዘዞ መንገድ ሚኒባስ የተገለበጠ ቀን ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው አባት በእግራቸው ገቡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ አረንጓዴ ካርድ ተሰጣቸው። «አባባ፣ ሕመም አለ?» ስላቸው «ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ ልጆቹን እዩ» አሉኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውሃ ሲለምኑ ሰማሁ። ፊታቸው በላብ ርሷል፣ በ15 ሰከንድ 9 ትንፋሽ ቆጠርኩ፣ የእጅ አንጓቸው ላይ ምት አጣሁ። በሁለቱም መለኪያ ቀይ ናቸው። ሆዳቸው ውስጥ ይደሙ ነበር፤ ለቀዶ ጥገና ደረሱ።

ያን ዕለት የአረንጓዴው ሳጥን «ይጠብቅ» ብሎ ያበቃ ነበር፣ የሚወጣ ቀስት አልነበረውም። ሳጥኑ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ከነርሷም ሐሳብ ይወጣል። አሁን «በየ15 ደቂቃው ትንፋሽና የእጅ አንጓ ምት ይታይ፤ ያየው ሰው ሰዓቱን ካርዱ ላይ ይጻፍ» ይላል፣ ቀስቱም ወደ «ይተነፍሳል?» ይመለሳል። ባዶ ካርድ ይዞ የተቀመጠ ሰው ካገኛችሁ፣ መልስ አትጠብቁ፣ ቁጠሩለት።