የእርግዝና ስኳር፦ ስለ ግሉኮሱ ምርመራ የሚባለውና እውነታው

«ጣፋጭ አልወድም፤ ስኳር ከየት ይመጣብኛል?»

ከእንግዴ ልጁ። እርግዝናው ሲገፋ እንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናትየዋን ኢንሱሊን ሥራ ያዳክማሉ። ቆሽቷ ጨምሮ አምርቶ ካላካካሰ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ምርመራው በአብዛኛው ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ የሚደረገውም ለዚህ ነው።

«በባዶ ሆዴ ተለክቼ ደህና ነሽ ተብያለሁ። ያን ጣፋጭ ውሃ ለምን እጠጣለሁ?»

ጠዋት ደህና ሆኖ ከምግብ በኋላ የሚያሻቅብ ስኳር ስላለ። የባዶ ሆድ ልኬት እሱን አያሳይም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳትቀምሺ ትሄጃለሽ፤ ውሃ ግን ይፈቀዳል። መጀመሪያ ደም ይወሰዳል። ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ ተበጥብጦ ይሰጥሻል፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ትጨርሺዋለሽ። ከ1 ሰዓትና ከ2 ሰዓት በኋላ እንደገና ደም ትሰጫለሽ። እስከዚያ አረፍ ብለሽ ትቀመጫለሽ። ካስመለሰሽ ተናገሪ፤ ውጤቱ ስለማይታመን ሌላ ቀን ይደገማል።

ገደቡ በባዶ ሆድ 92፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 180፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 153 ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር 86፣ 194 እና 141 አመጣች እንበል። ከሦስቱ ሁለቱ ደህና ናቸው፤ እሷ ግን የእርግዝና ስኳር አለባት። አንዱ ገደቡ ላይ መድረሱ ይበቃል። በባዶ ሆድ ብቻ ብትለካ ኖሮ «ደህና ነሽ» ተብላ ትሸኝ ነበር።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ሐኪማችሁ ሳትጾሙ 50 ግራም ቢያጠጣችሁ አትደናገጡ። እሱ የመጀመሪያ ማጣሪያ ነው፤ ከፍ ካለ በ100 ግራም ረዘም ያለው ምርመራ ይከተላል።

«ቁጥሩ እንዲያምርልኝ ከምርመራው በፊት እንጀራና ዳቦ ልተው»

ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። ሰውነት ለጥቂት ቀናት እንጀራና ዳቦ ከራቀ በኋላ ድንገት ግሉኮስ ሲገባበት በደንብ አያስተናግደውም። ያልታመመችዋም የታመመች ልትመስል ትችላለች። እንደወትሮሽ ብዪ።

«ጤፍ ለስኳር ጥሩ ነው፤ እንጀራውን እንደልቤ»

የጤፍ እንጀራም ሆድ ውስጥ ገብቶ ስኳር ይሆናል። ወሳኙ መጠኑና አብሮት የሚበላው ነው። ግማሽ እንጀራ ከብዙ ጎመንና ወፈር ካለ ምስር ወጥ ጋር ስኳሩን ቀስ እያለ ይለቀዋል። ጎመኑን፣ አይቡን ወይም እንቁላሉን አስቀድሞ ቀመስ ማድረግም ይረዳል።

ፍርፍር ግን እንጀራ በእንጀራ ነው! በተለይ ጠዋት፣ ከስኳር ሻይ ጋር። ብዙ ነፍሰ ጡሮች ላይ ኢንሱሊን በደንብ የማይሠራው ጠዋት ነው። ስለዚህ ለቁርስ እንቁላልና ጥቂት ዳቦ ይሻላል።

መለኪያ ቤት ካለሽ ራስሽ ታዪዋለሽ። መብላት ከጀመርሽ 1 ሰዓት ላይ ከ140 በታች፣ 2 ሰዓት ላይ ከ120 በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ካለፈ በሚቀጥለው እንጀራውን ቀንሺ፤ ከምግብ በኋላም 15 ደቂቃ ያህል ተራመጂ። እንዲህም ሆኖ ደጋግሞ ካለፈ ጉዳዩ የኢንሱሊን ነውና ለሐኪምሽ ንገሪ።

«ማርና ጁስ ተፈጥሯዊ ናቸው፤ አይጎዱም»

ማርም ስኳር ነው። ማንጎውን ቆርጠሽ ጥቂት ብዪ። አንድ ብርጭቆ ጁስ ውስጥ የሚገባውን ማንጎ ግን በአንድ ጊዜ ቁጭ ብለሽ አትበዪውም።