የግእዝና የአማርኛ የዐረፍተ ነገር አሰካክ በወሎ ጉባኤ ቤቶች፤ ተማሪው ደጋግሞ የሚስተው የት ላይ ነው?

በወሎ የግእዝ ትምህርት ሥሩ ጥልቅ ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የንባብና የጽሕፈት ማእከል ነበር። እርሳቸው ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌላት ብራና እ.ኤ.አ. 1280 ወይም 1281 የሚል ዘመን ተጽፎበታል። ይህን ያህል ዕድሜ ያለውና ዘመኑ የተጻፈበት የግእዝ መጽሐፍ በአገራችን ጥቂት ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚሁ ገዳም ተምረዋል።

ቅኔን በተመለከተ ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሟ የሚነሣ የቅኔ አገር ናት፤ ዛሬ በሰሜን ወሎ ወረዳ ሆና በዚያው ስም ትጠራለች። የቅኔ መነሻ ማን ነው በሚለው ሊቃውንቱ አይስማሙም። ቅዱስ ያሬድ ነው የሚሉ አሉ፤ ተዋናይ የተባለው ሊቅ ነው የሚሉም አሉ፤ ዮሐንስ ገብላዊን የሚያስቀድሙም አሉ። ዋድላ ግን ለቅኔ ትምህርት ባለውለታ መሆኗ አያከራክርም።

ወደ እነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሚገባው ልጅ አማርኛ ተናጋሪ ነው። ንባብ ቤትን አልፎ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ግሥ አጥንቶ ቅኔ ለመቁጠር ሲቀመጥ ቃሉ ሞልቶለታል። የሚያስቸግረው ቃላቱን መደርደሩ ነው። ስሕተቱ ከተማሪ ተማሪ ስለሚመሳሰል ደግሞ የትኩረት ማነስ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ምክንያቱ የሁለቱ ቋንቋዎች አሰካክ ነው።

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያኖራል። ግእዝ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ያመጣዋል። የኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ በግእዝ «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ» ይላል። አማርኛው «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» ነው። «ገብረ» ከባለቤቱ ቀድሟል፣ «ፈጠረ» ግን ሁሉን አስቀድሞ ዘግቷል። ሁሉም ተማሪ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ይሰማል። ችግሩ በዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቶሎ በታረመ ነበር። ግእዝ በቦታ ነጻ ነውና ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ሁልጊዜ ተሳሳተ አይባልም፤ በቅኔማ ቤት ለመምታት ሲባል ቃል ወዲያና ወዲህ መሄዱ የተለመደ ነው። ከባድ የሆነው ከቦታው ጋር አብሮ የሚመጣው የፊደል ለውጥ ነው።

ይህን ሁሉም በቃሉ ከሚያውቀው ጸሎት ማየት ይቻላል። «አቡነ ዘበሰማያት ይትቀደስ ስምከ» ሲል «ስምከ» ባለቤት ነው፤ ስለዚህ «ም» ሳድስ ሆና ቆማለች። ወረድ ብሎ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ይላል። እዚህ «ሲሳይ» ከማሰሪያው ቀድሞ ዐረፍተ ነገሩን ከፍቷል፤ ሆኖም «የ» ግዕዝ ስለሆነች ተሳቢ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ባለቤት ቢሆን «ሲሳይነ» ይባል ነበር። ግእዝ ቃሉን ወደ ፊት ወደ ኋላ የሚያንቀሳቅሰው በዚህ ምልክት ተማምኖ ነው።

የአማርኛው ጸሎት ራሱ ግን የግእዙን አካሄድ ይዞ ቀርቷል። «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር»፣ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» እንላለን። በየቀኑ ንግግር ማንም «እንጀራ ስጠኝ ዛሬ» አይልም፤ «ዛሬ እንጀራ ስጠኝ» ነው የሚለው። ለአንድ ጀማሪ የግእዝን አካሄድ ለማስለመድ ከዚህ የሚቀርብ ጽሑፍ የለም።

አሁን ወደ ስሕተቶቹ እንሂድ። የመጀመሪያው ከ«ን» ይነሣል። አማርኛ ተሳቢውን በ«ን» የሚለየው የታወቀ ነገር ሲሆን ነው፤ «መጽሐፍ ጻፈ» ይላል፣ «መጽሐፉን ጻፈ» ይላል። ግእዝ ግን ላልታወቀውም ምልክት ይፈልጋል፤ «ጸሐፈ መጽሐፈ» ማለት ግድ ነው። ተማሪው «መጽሐፍ ጻፈ» በሚለው አማርኛው «ን» ስለሌለ «ጸሐፈ መጽሐፍ» ብሎ ያቀርባል፤ መጽሐፉም ጸሐፊው ይመስላል። ሕጉ በጉባኤ ቤት አጭር ነው። ሳድስ ወደ ግዕዝ፣ ሣልስ ወደ ኀምስ ይለወጣል፤ «ብእሲ» «ብእሴ» ይሆናል። ራብዑ እንደ «አንበሳ» ያለው አይነካም። ተሳቢው የታወቀ ሲሆን ደግሞ ግእዝ ሌላ መንገድ አለው። በግሡ ላይ ተውላጠ ስም ያስቀምጥና ስሙን በ«ለ» ያመጣዋል፤ «ጸሐፎ ለመጽሐፍ» ይላል። ይህን የተማረ ልጅ ሁለቱን ምልክት አደራርቦ «ጸሐፎ ለመጽሐፈ» ሲል ይገኛል። «ለ» ከገባ ስሙ በሳድሱ ይቀራል።

ሁለተኛው ቅጽል ሲገባ የሚመጣ ነው። አማርኛ «ትልቁን ቤት አየሁ» ሲል «ን» ያረፈችው በቅጽሉ ላይ ነው፤ ቤቱ ራሱ ምንም አልለበሰም። ተማሪው ይህንኑ ይዞ «ርኢኩ ቤት ዐቢየ» ይላል። ግእዝ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ «ርኢኩ ቤተ ዐቢየ»። ይህን ያረመ ተማሪ አንዳንዴ ወደ ሌላው ጠርዝ ይሄድና ስሙን ብቻ ለውጦ «ርኢኩ ቤተ ዐቢይ» ይላል። ይህኛው ሰዋስው አልጣሰም፤ ትርጉሙ ግን «የታላቅ ሰው ቤት አየሁ» ሆኗል። ግእዝ ዘርፍ ሲያናብብም እንዲሁ ሳድሱን ወደ ግዕዝ ይለውጣልና፤ «ቤተ ንጉሥ» የንጉሥ ቤት ነው። ስለዚህ «ቤተ» ብቻዋን ስትታይ ተሳቢ ትሁን ተናባቢ አይታወቅም፤ የሚለየው ቀጣዩ ቃል ነው። ቀጣዩም ከተለወጠ ቅጽል ነው፤ በሳድሱ ከቀረ ዘርፍ ነው። ተማሪ ራሱን ማረም የሚችለው ይህን ጥያቄ በእያንዳንዱ «ግዕዝ» በተለወጠ ስም ላይ ሲያነሣ ነው።

በዘርፉም ላይ ቦታው ይገለበጣል። የአማርኛው «የንጉሥ ቤት» ባለ ዘርፍ የሆነውን «ቤት» መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ ግእዝ መጀመሪያ ላይ። በዚህ የሚሳሳት ጥቂት ነው፤ «ቤተ ክርስቲያን» እና «ቤተ መንግሥት» በአማርኛም ስላሉ ጆሮው ለምዶታል።

ሦስተኛውና ትርጉም ሙሉ በሙሉ የሚገለብጠው በ«ዘ» የሚገባው ሐረግ ነው። አማርኛ «የመጣ ሰው» ሲል ገላጩን ከስሙ በፊት ያመጣል። ግእዝ «ብእሲ ዘመጽአ» ይላል፣ ከስሙ በኋላ። የኔታ ለተማሪው «ንጉሡ የሠራውን ትልቅ ቤት አየሁ» የሚለውን በግእዝ እንዲያቀርብ ሰጡት እንበል። ተማሪው የአማርኛውን ቅደም ተከተል ቃል በቃል ተከትሎ እንዲህ ይላል፦ «ንጉሥ ዘሐነጸ ዐቢየ ቤተ ርኢኩ»። እያንዳንዱ ቃል ልክ ነው። ሲሰማ ግን ሌላ ነገር ነው። «ዘሐነጸ» ከ«ንጉሥ» ቀጥሎ ስለመጣች ንጉሡን ትገልጣለች፤ «ትልቅ ቤት የሠራ ንጉሥ» ሆነ። «ርኢኩ» መጨረሻ ላይ ሲመጣ የሚጎትተው ያንን ንጉሥ ነው፤ ቤቱ የንጉሡ ሥራ ሆኖ ውስጥ ቀርቷል። ሰሚው «ንጉሠ ማለት ነበረበት» ብሎ ቢያርመው እንኳ ተማሪው ያላሰበውን ዐረፍተ ነገር ነው የሚያሟላለት።

የኔታ እዚህ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ «ማሰሪያው የት አለ? ተሳቢው ማን ነው?» የሚል ነው። ማሰሪያው «ርኢኩ» ነው፤ ወደ ፊት ይምጣ። የታየው ቤት ነው፤ ከማሰሪያው ቀጥሎ ይግባ፣ በግዕዝም ይለወጥ፤ «ርኢኩ ቤተ»። ቅጽሉ ይከተለው፣ እርሱም ይለወጥ፤ «ርኢኩ ቤተ ዐቢየ»። ከዚያ «ዘ» ትመጣለች፤ በ«ዘ» ሐረግ ውስጥም ግሡ ይቀድማል፣ ንጉሡ ይከተላል። «ርኢኩ ቤተ ዐቢየ ዘሐነጸ ንጉሥ» ሆነ። «ንጉሥ» በሳድስ ቀርቷል፣ የሠሪው ምልክት ያ ነው። አማርኛውና ግእዙ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቅደም ተከተሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተገልብጧል፤ አማርኛው በንጉሡ ጀምሮ በማየቱ ሲያበቃ ግእዙ በማየቱ ጀምሮ በንጉሡ ያበቃል። አንዳንድ መጻሕፍት «ዘ»ን ከስሙ አስቀድመው ያመጧታል፤ ይህ ግን ለማጉላት ወይም ለቅኔ ነው፣ ጀማሪ ሊመሠረትበት አይገባም።

አራተኛው በአገባብ ላይ ነው። ምክንያትን የሚናገረው «እስመ» ከሐረጉ ፊት ይቆማል፤ አማርኛ ግን ምክንያቱን ወይ በ«ስለ» ከግሡ ጋር ያጣብቀዋል፣ ወይ በ«ና» ከግሡ በኋላ ይጨምረዋል። የጸሎቱ መጨረሻ «እስመ ዚአከ ይእቲ መንግሥት» ሲል አማርኛው «መንግሥት ያንተ ናትና» ይላል፤ «እስመ» ከመጀመሪያ ተነሥታ ከግሡ ጫፍ «ና» ሆናለች። ተማሪው ይህን የ«ና» ቦታ ይዞ ግእዝ ሲጽፍ ነው አደጋው። «ታሟልና አልመጣም» የሚለውን «ደወየ እስመ ኢመጽአ» ብሎ ይጽፋል። «እስመ» የምትገዛው ከኋላዋ ያለውን ስለሆነ ይህ «ስላልመጣ ታመመ» ማለት ነው፤ ምክንያቱ ውጤት፣ ውጤቱ ምክንያት ሆነ። ትክክለኛው «ኢመጽአ እስመ ደወየ» ነው። በ«ስለ» የጀመረው ተማሪ ደግሞ «እስመ ደወየ ኢመጽአ» ይላል፤ ትርጉሙ አልተገለበጠም፣ ግን የግእዝ ጆሮ ያለው ሰው አካሄዱ አማርኛ እንደሆነ ወዲያው ይለያል። «ከመ»ም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ «ከመ ንሕነኒ ንኅድግ» ሲል ከፊት ናት፣ «ይቅር እንደምንል» ሲል «እንደ» ከመጨረሻው ግሥ ጋር ተጣብቃለች።

ተማሪው የማይሳሳትበት ቦታም አለ። አማርኛ «የተወለደባት አገር» ሲል «ባት» ወደ አገሪቱ ትመለሳለች። ግእዝም «ሀገር ዘተወልደ ባቲ» ይላል፤ «ባቲ» ያንኑ ሥራ ትሠራለች። ልዩነቱ አንዱ ከግሡ ጋር መጣበቁ፣ ሌላው ብቻውን መቆሙ ነው። እዚህ ላይ የወሎ ተማሪ «ባቲ»ን ወይም «ቦቱ»ን አይዘነጋም፤ አማርኛው ቀድሞ አስተምሮታል። ስለዚህ መምህሩ ጊዜውን በተሳቢው፣ በ«ዘ»ና በ«እስመ» ላይ ቢያውል ይሻላል።