«አጠራጣሪ የመግቢያ ሙከራ» ምንድን ነው? ቪፒኤን ስንከፍት ለምን ይመጣል?

«ቪፒኤን ከፍቼ አካውንቴ ውስጥ ስገባ ‹ከፍራንክፈርት አጠራጣሪ ሙከራ ተደርጓል› አለኝ። ተጠልፌያለሁ ማለት ነው?» ጥያቄው በራሱ ምንም ችግር የለበትም። የሚያናድደኝ መልሱ ነው። ሁሌም አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ብቅ ይልና «አዎ፣ ጀርመን ያለ ሃከር ገብቶብሃል» ይላል። ወንድሜ፣ ጀርመን ያለው «ሃከር» ራሱ ጠያቂው ነው! የቪፒኤኑ ሰርቨር ፍራንክፈርት ስለሆነ እሱም ከዚያ የመጣ መስሎ ታየ፤ በቃ።

ማስጠንቀቂያው ሌባ ተያዘ አይልም። በአብዛኛው የሚለው «ፓስወርዱ ልክ ነው፤ ያስገባው ሰው ግን ባለቤቱ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም» ነው። ይህ ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም።

ግምቱ የሚሠራው እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። ጥሩ ዘበኛ ቁልፍ መያዛችሁን ብቻ አያይም። በየትኛው በር እንደመጣችሁ ያያል፤ ይህ አይፒ አድራሻችሁ ነው። ምን እንደለበሳችሁ ያያል፤ ይህ ስልካችሁና ብሮውዘራችሁ ነው። ባለፈው ስትገቡ የሰጣችሁን ምልክት መያዛችሁንም ያያል፤ ይህ ኩኪ የሚባለው ነው። ቪፒኤን ስትከፍቱ ብዙ ሰው በሚጋልበው የኪራይ መኪና እንደመጣችሁ ቁጠሩት። ከሰርቨሩ የሚወጣው አይፒ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የሚጋራው ነው። ትናንት በዚያው መኪና የመጣ ሌላ ሰው የሰፈሩን በር ሁሉ በተሰረቀ ቁልፍ ሲሞክር ውሎ ሊሆን ይችላል። ዘበኛው መኪናውን ያውቀዋል፤ ውስጥ የተቀመጣችሁት እናንተ መሆናችሁን ግን ከሩቅ አያይም።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ሂሳብ ነው። ናይሮቢ ሆናችሁ ከሰዓት 9:00 ላይ ገባችሁ እንበል። 9:20 ላይ ቪፒኤን ከፍታችሁ በፍራንክፈርት በኩል እንደገና ገባችሁ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። በ20 ደቂቃ ይህን ለመጓዝ በሰዓት ከ18,000 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ያስፈልጋል። የመንገደኛ አውሮፕላን ፍጥነት 900 አካባቢ ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ «ሁለት ሰዎች ናቸው» ብሎ ይገምታል። ባለሙያዎች ይህን «የማይቻል ጉዞ» ይሉታል።

እውነተኛ ተጓዥ ግን ይህን የፍጥነት ፈተና ያልፋል። ስምንት ሰዓት በርሮ ከገባ ሂሳቡ ልክ ይመጣል። ታዲያ ለምን ይጠየቃል? አገሩም ኔትወርኩም አዲስ ስለሆነ ነው። በዚያ ላይ ከሆቴል ኮምፒውተር ወይም ኩኪ በማያስቀምጥ ብሮውዘር ከገባ የቀድሞ ምልክቱም በእጁ የለም። በተለመደው ስልኩ ገብቶ የቆየ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ድንበር ተሻግሮም ምንም አይጠየቅም። መጓዙ ብቻውን አይደለም ማስጠንቀቂያውን የሚያመጣው፤ የማይታወቁ ነገሮች መደራረባቸው ነው።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ማስጠንቀቂያው ላይ የሚጻፈው ከተማ ከጂፒኤስ የመጣ አይደለም። የትኛው አይፒ የት እንዳለ ከሚመዘግብ ዳታቤዝ የተወሰደ ግምት ነው። አገሩን አብዛኛውን ጊዜ ያገኘዋል፤ ከተማውን ግን በቀላሉ ይስታል። በሞባይል ዳታ ስትገቡ ደግሞ ኦፕሬተሩ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት ከተማ ሊታይ ይችላል፤ ያ ከእናንተ መቶ ኪሎ ሜትሮች ሊርቅ ይችላል። ቪፒኤን ሳትከፍቱ ረግጣችሁት የማታውቁት ከተማ ስም ቢመጣ ወዲያው አትደንግጡ።

ከከተማው ይልቅ ሰዓቱንና መሣሪያውን እዩ። ሰዓቱ እናንተ ከገባችሁበት ጋር ከገጠመ፣ ስልኩም የእናንተ ከሆነ «እኔ ነኝ» በሉ። በዚያ ሰዓት ተኝታችሁ ከነበረ ወይም መሣሪያውን የማታውቁት ከሆነ ግን ሌላ ሰው ፓስወርዳችሁን ሳያውቅ አልቀረም። ያኔ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ከሁሉም መሣሪያዎች ውጡ፣ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብሩ። ይህን ስታደርጉ አፑን ራሳችሁ ክፈቱ እንጂ በኢሜይል የመጣውን ሊንክ አትጫኑ፤ ይህን ማስጠንቀቂያ አስመስለው የሚልኩ አጭበርባሪዎች ሞልተዋል።

«ማስጠንቀቂያ ካልመጣ ሰላም ነው» የሚሉትም አሉ። ኩኪያችሁን ከኮምፒውተራችሁ የሰረቀ ሰው ፓስወርድ ማስገባት አያስፈልገውም፤ ዘበኛው የሰጣችሁን ምልክት ይዞ ስለሚመጣ አንዳንዴ ምንም ሳይጠየቅ ያልፋል።