በተለያየ ጊዜ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፎችን ማዋሐድ

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒክና ከመምህራን ኮሌጅ ውሕደት ቢመሠረትም የኋለኛው ግቢ እስከ ዛሬ የሚጠራው በድሮ ስሙ፣ ፔዳ እየተባለ ነው። እዚያ የአማርኛ ተማሪዎች የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያቸውን በአማርኛ ይጽፋሉ። ጽሑፉ አንድ ይሁን እንጂ የሚጻፍበት ጊዜ አንድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ከፕሮፖዛሉ የሚመጡ ናቸው። አራተኛው ከመስክ መልስ ይጻፋል፤ አምስተኛው ደግሞ ዲፌንሱ ሲቃረብ በጥድፊያ። ሲገጣጠሙ ሦስት ሰዎች የጻፉት ይመስላሉ። ማዋሐድ የሚባለው ይህን ስፌት ማጥፋት ነው፤ በእኔ እምነት የሚቀናውም ምዕራፍ በምዕራፍ ሳይሆን ጉዳይ በጉዳይ ሲሠራ ነው፦ አንዱን ቃል ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ተከትሎ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ።

ለምሳሌ በጣና ዳር ዓሣ አስጋሪዎች የሙያ ቃላት ላይ የሚጻፍ ጥናት እንውሰድ። ምዕራፍ አንድ «አጥማጅ» ይላል፣ ምዕራፍ አራት «አስጋሪ»። ከመምረጥ በፊት ቃለ መጠይቁን መልሶ ማየት ያስፈልጋል። ተጠያቂዎቹ በመንጠቆ የሚይዘውንና በመረብ የሚይዘውን በተለያየ ቃል የሚጠሩ ከሆነ፣ ሁለቱን ቃላት አንድ ማድረግ የጥናቱን ግኝት መደምሰስ ነው። ልዩነት ከሌላቸው አንዱ ይመረጣል፤ «አስጋሪ» ተመረጠ እንበል።

እዚህ ላይ የፊደላችን ጠባይ ይመጣል። ኮምፒውተሩ «አጥማጅ»ን ሲፈልግ «አጥማጆች»ንና «አጥማጁ»ን አያገኝም፤ የመጨረሻው ፊደል ተለውጧላ። ስለዚህ የሚፈለገው «አጥማ» የሚለው ግንድ ነው፤ «አጥማቂ»ን የመሰለ የማይፈለግ ቃል አብሮ ቢመጣም ይታለፋል። የሚተካውም በእጅ ነው፦ «አጥማጆች» ወደ «አስጋሪዎች»፣ «አጥማጁ» ወደ «አስጋሪው»። የ«ዓሣ» አጻጻፍም እንዲሁ ነው። አንዱ ምዕራፍ ዓሣ፣ ሌላው ዓሳ፣ ሦስተኛው አሳ ብሎ ይጽፋል፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በ`Word` የፍለጋ መስኮት `Use wildcards` የሚለውን መርጦ ይህን መጻፍ ሁሉንም በአንዴ ያመጣል፦

```
[አዓዐኣ][ሳሣ]
```

ግን «አሳየ» እና «አሳሰበ»ም አብረው ይመጣሉ። `Replace All` ከተጫነ ጥናቱ በ«ዓሣየ» እና በ«ዓሣሰበ» ይሞላል። አንድ በአንድ እያዩ ማለፍ ግድ ነው። የተጠያቂዎችን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ሲያገኙ ፊደሉን ማስተካከል ይቻላል፤ ቃሉን መለወጥ ግን አይቻልም፤ የተናጋሪው ነውና።

ቀጥሎ ጊዜ ነው። ፕሮፖዛሉ «ከ15 አስጋሪዎች መረጃ ይሰበሰባል» ይላል። ብዙዎች ግሱን ብቻ «ተሰብስቧል» ብለው ያልፋሉ። ምዕራፍ አራት ላይ ግን የተጠየቁት 12 ሰዎች ከሆኑ፣ ትናንት እቅድ የነበረው ዓረፍተ ነገር ዛሬ ሐሰት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የትንቢት ግስ ሲለወጥ ከመስክ ማስታወሻው ጋር ይመሳከራል፤ ሦስቱ ለምን እንደቀሩም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። በሌላ በኩል ሁሉም ግስ ወደ ኃላፊ አይሄድም። «አንዳንድ የጣና ዓሣዎች በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ» የሚለው ዛሬም እውነት ነውና እንዳለ ይቆያል።

የተራኪውን ድምፅ የሚያሳየው የግሱ መጨረሻ ነው። «አጥኚዋ ተመልክታለች»፣ «ተመልክቻለሁ»፣ «ተመልክተናል» በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሲገኙ ፈታኙ ማን እንዳጠናው ይጠይቃል። ትምህርት ክፍሉ የሚቀበለውን ከአማካሪው ጠይቆ በአንዱ መጽናት ነው፤ በእኔ አመለካከት አንድ ሰው ላጠናው «ተመልክተናል» ማለት አይገባም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ አንቱታው ነው። ምዕራፍ አራት ላይ «አባት አስጋሪው እንደነገሩን» የተባሉት አዛውንት፣ ምዕራፍ አምስት ላይ «ተጠያቂው ገልጿል» ይባላሉ። ሐይቁ ዳር በመስክ የተከበሩ ሰው በወረቀት ላይ አንተ ሲባሉ ማየት ያሳዝናል። ለአዋቂዎቹ ሁሉ «ገልጸዋል» ቢባል አድሎም አይኖርም።

አጠቃሎው ከሁሉም በኋላ እንደ አዲስ ቢጻፍ ይሻላል፤ ከፕሮፖዛሉ የመጣው ይተው። አባሪው ላይ ያለው የቃለ መጠይቅ መመሪያ ግን አይነካም። መስክ ላይ «አጥማጅ» ተብሎ ተጠይቆ ከሆነ እዚያ «አጥማጅ» እንዳለ ይቀራል፤ ምዕራፍ ሦስትም ጥያቄው በየትኛው ቃል እንደቀረበና በጽሑፉ ውስጥ ለምን «አስጋሪ» እንደተባለ ይናገራል።